የመጀመሪያ ኢሜይል ስንት ቃል ይሁን? ሲረዝምስ ከየት እንቁረጥ?

ለማያውቃችሁ ሰው የምትልኩት የመጀመሪያ ኢሜይል በአማርኛ ከ50 እስከ 80 ቃል ይሁን። ከላይ ያለው ሰብጀክትና ከታች ያለው ስምና ስልክ አይቆጠርም።

ቁጥሩን ብዙ ሰው ያውቀዋል። «አጭር ጻፉ» ያልተባለ ሰው የለም። ችግሩ የሚመጣው ረቂቁ 150 ቃል ሆኖ ሲገኝና ከየት እንደሚቆረጥ ግራ ሲገባ ነው። ያኔ አንዱ የማይቆረጠውን ይቆርጥና ኢሜይሉ ማን እንደላከው እንኳን የማይታወቅ ይሆናል። ሌላው ደግሞ እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል እየለቀመ ሲያወጣ ያመሽና መጨረሻ ላይ 140 ቃል ይዞ ይቀራል። ስለዚህ እዚህ የምናየው አቆራረጡን ነው፣ በተለይ ቅደም ተከተሉን።

ምሳሌያችን አዳማ ነው። አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለ እንበል። አዲስ አበባ ላለች የአንድ ድርጅት የስልጠና አስተባባሪ መጻፍ ይፈልጋል። ድርጅቱ ስልጠናዎቹን የሚያካሂደው አዳማ ሆቴሎች ውስጥ ነው። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል፤ በሳምንቱ መሃል ሆቴሎቹ በስብሰባና በስልጠና ይሞላሉ፣ አዘጋጆቹም ባጁንና ሰርተፍኬቱን አዲስ አበባ አሳትመው በመኪና ጭነው ይመጣሉ። ማታ ላይ ሦስት ስም ሲጨመር ግን ጭንቅ ነው። ማተሚያ ቤቱ የሚሸጠው ለዚች ሰዓት የሚሆን መፍትሔ ነው።

## ለምን 50–80?

በእንግሊዝኛ ለሚጻፍ ኢሜይል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ልክ ከ50 እስከ 125 ቃል ነው። ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ አማርኛ አታምጡት። የአማርኛ ግስ ባለቤቱንም ተሳቢውንም እዚያው ውስጥ ይይዛል። «ከላካችሁልን» ስትሉ አንድ ቃል ነው የተቆጠረው፣ ሙሉ ሐሳብ ግን አለው። ስለዚህ 120 የአማርኛ ቃል ለአንባቢው በጣም ረጅም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ስልክ ነው። የምትጽፉለት ሰው ኢሜይሉን የሚያየው ታክሲ ውስጥ ሆኖ ወይም በሁለት ስብሰባ መሃል ይሆናል። 70 ቃል ገደማ ስልክ ላይ ብዙም ሳይወርዱ ይነበባል። ጥያቄው ከታች ተደብቆ ከቀረ «ቆይቼ አነበዋለሁ» ይባላል። ቆይቶ የሚነበብ ኢሜይል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነበብ ይቀራል።

የምትጽፉለት መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ የሚጻጻፍ ከሆነ እስከ 125 ድረስ ሂዱ። የመቁረጡ ቅደም ተከተል ያው ነው።

## ደረጃ 1፦ ከመጻፍ በፊት አራት መልስ ያዙ

ወረቀት ላይ ወይም ስልካችሁ ላይ ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች እያንዳንዳቸውን በአንድ መስመር መልሱ።

1. ለምን ለእሷ ጻፍኩ? (ስልጠናዎቻቸው አዳማ ነው የሚካሄዱት።)
2. ምን አደርግላታለሁ? (በዋዜማው የተቀየረ ስም በማግስቱ ጠዋት ታትሞ ሆቴሉ ይደርሳል።)
3. ለምን ታምነኛለች? (ማሽኑ የራሳችን ነው፣ የቫት ደረሰኝ እንቆርጣለን።)
4. ምን እንድትመልስልኝ ነው የምፈልገው? (የሚቀጥለውን ስልጠና ቀንና የሰልጣኝ ብዛት።)

በኋላ ስትቆርጡ መመዘኛችሁ ይኼ ወረቀት ነው። ከአራቱ አንዱን የማይመልስ ዓረፍተ ነገር ይወጣል።

አንደኛው ጥያቄ ላይ መልስ ካጣችሁ አትጻፉ፣ ቆዩ። ረቂቅ የሚረዝምበት ዋናው ምክንያት ጸሐፊው ስለ ተቀባዩ የሚያውቀው ነገር አለመኖሩ ነው። ስለ እሷ የሚለው ሲያጣ ስለ ራሱ ይዘረዝራል። የድርጅቱን የፌስቡክ ገጽ ወይም ቴሌግራም ቻናል ገብታችሁ የቅርብ ጊዜ ሥራቸውን እዩ፤ ከዚያ የሚገኝ አንድ እውነት ስለ ራሳችሁ ከምትጽፉት አንድ ሙሉ አንቀጽ ይሻላል።

## ደረጃ 2፦ እንደመጣላችሁ ጻፉና ቁጠሩ

መጀመሪያ ላይ ራሳችሁን አትገድቡ። ጻፉት፣ ከዚያ ቁጠሩ። ኮምፒውተር ላይ ጎግል ዶክስ ከሆነ `Ctrl+Shift+C` ተጫኑ። ስልክ ላይ ደግሞ ሦስቷን ነጥብ ነክታችሁ `Word count` የሚለውን ፈልጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሚቆጠረው በቃላት መሃል ያለው ክፍት ቦታ ነው። በድሮው አጻጻፍ ቃልና ቃልን በሁለት ነጥብ (፡) እየለያችሁ ቦታ ካልተዋችሁ ቁጥሩ በጣም ዝቅ ብሎ ይወጣል። አትመኑት።

ለማሳያ ያዘጋጀሁት የማተሚያ ቤቱ ረቂቅ ይኼ ነው። እንዲህ ዓይነት ኢሜይል ሁላችንም ጋ ደርሶ ያውቃል።

> ሰብጀክት፦ የህትመት አገልግሎት ለመስጠት የቀረበ የትብብር ጥያቄ
>
> ይድረስ ለተከበሩ ወ/ሮ እገሊት፣
>
> በቅድሚያ ለእርስዎና ለመላው የድርጅትዎ ሠራተኞች የከበረ ሰላምታችንን ከታላቅ አክብሮት ጋር እናቀርባለን። ይህ ኢሜይል በሰላምና በጤና እንደሚያገኝዎ ተስፋ እናደርጋለን።
>
> ድርጅታችን በአዳማ ከተማ በህትመትና በማስታወቂያ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ለበርካታ ዓመታት ለተለያዩ የመንግሥትና የግል ተቋማት ጥራት ያለው አገልግሎት በተመጣጣኝ ዋጋ በመስጠት ላይ የሚገኝ ድርጅት ነው። ከምንሰጣቸው አገልግሎቶች መካከል ባነር፣ ሮል አፕ፣ ባጅ፣ ሰርተፍኬት፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ቲሸርት፣ ኮፍያ፣ ማህተም፣ የቢዝነስ ካርድ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድና የመኪና ላይ ስቲከር ይገኙበታል።
>
> እንደሚታወቀው ድርጅትዎ በሀገራችን ውስጥ ከፍተኛ አስተዋጽኦ እያበረከተ የሚገኝ አንጋፋና ስመ ጥር ተቋም ነው። ስልጠናዎቻችሁን አብዛኛውን ጊዜ በአዳማ ሆቴሎች እንደምታካሂዱ ለማወቅ ችለናል። በመሆኑም በስልጠናው ዋዜማ የሰልጣኞች ስም ሲጨመር ወይም ሲቀየር ባጅና ሰርተፍኬት በፍጥነት በማተም እስከ ሆቴሉ ድረስ የማድረስ አገልግሎት እንሰጣለን።
>
> ስለሆነም ከድርጅትዎ ጋር በትብብር መሥራት የምንፈልግ መሆናችንን እየገለጽን፣ በአካል ቀርበን ሥራዎቻችንን የምናሳይበት ቀጠሮ እንዲሰጡን፣ በአቅራቢዎች ዝርዝራችሁ ውስጥ እንድንካተት እንዲያደርጉልንና ቀጣይ ጨረታ ሲኖር እንዲያሳውቁን በትህትና እንጠይቃለን። የድርጅታችንን ፕሮፋይል፣ የንግድ ፈቃድና የሥራ ናሙና ከዚህ ኢሜይል ጋር አያይዘን ልከናል። ለሚያደርጉልን ቀና ትብብር ሁሉ ከወዲሁ ከልብ እናመሰግናለን።

ከ«ይድረስ» እስከ «እናመሰግናለን» 150 ቃል ነው። የሰዋሰው ስህተት የለበትም፣ ትሁትም ነው። ወ/ሮ እገሊትን የሚመለከታት ነገር የሚጀምረው ግን ግማሹን ካለፈች በኋላ ነው። እስከዚያ ካነበበች።

## ደረጃ 3፦ ከትልቁ ጀምራችሁ ቁረጡ

ከመጀመራችሁ በፊት የረቂቁን ኮፒ ለብቻው አስቀምጡ። የሚቆረጠው ነገር አይጣልም፣ ወደፊት ይፈለጋል።

ቅደም ተከተሉን አታፋልሱ። ቃል ማሳጠር የመጨረሻ ሥራ ነው። ከሱ ከጀመራችሁ፣ በኋላ ሙሉ በሙሉ የሚወጣውን አንቀጽ ስታስተካክሉ ሰዓታችሁ ያልቃል።

1. ሰላምታውን ወደ አንድ መስመር አውርዱ።
«ይድረስ ለተከበሩ» ከሚለው ጀምሮ እስከ «ተስፋ እናደርጋለን» ድረስ 22 ቃል አለ። በ«ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት፣» ተኩት፣ 4 ቃል። 150 የነበረው 132 ሆነ። ይህን መጀመሪያ የምናደርገው በብዛቱ ብቻ አይደለም። ስልክ ላይ ኢሜይሉ ገና ሳይከፈት ከሰብጀክቱ ሥር የጽሑፉ መጀመሪያ ትንሽ ይታያል። እዚያ ቦታ ላይ «በቅድሚያ ለእርስዎና ለመላው የድርጅትዎ» የሚል ከታየ የጅምላ ደብዳቤ ነው ብላ ታልፈዋለች።

2. የአገልግሎት ዝርዝሩን አውጡ።
ከባነር እስከ ስቲከር ያለው ዓረፍተ ነገር 22 ቃል ነው፣ እንዳለ ይውጣ። 110 ቀረ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከራከራል፤ «ቲሸርት ብትፈልግስ? ባነር ብትፈልግስ?» ይላል። ባጁን በሰዓቱ ካደረሳችሁላት ስለ ባነሩ ራሷ ትጠይቃለች። የሠርግ ጥሪ ካርድ ከባጅ ጋር ሲዘረዘር ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው፦ አንድ ነገር አጥርተው የሚሠሩ ሰዎች መሆናችሁ አይታይም። ያገኙትን ሁሉ የሚሠሩ ትመስላላችሁ።

3. ሙገሳውን አውጡ።
«እንደሚታወቀው ድርጅትዎ…» 13 ቃል ነው። 97 ቀረ። «አንጋፋና ስመ ጥር» ለማንም ድርጅት ይሆናል፣ ስለዚህ ለማንም አልተጻፈም። ለተቀባዩ ያላችሁን አክብሮት የሚያሳየው ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ነው፣ ስልጠናው አዳማ እንደሚካሄድ የሚናገረው። እሱ እንዳይነካ።

4. የድርጅቱን ታሪክ ወደ አንድ ማስረጃ አሳጥሩ።
«ድርጅታችን በአዳማ ከተማ…» ብሎ የሚጀምረው 24 ቃል አለው። ከሱ ውስጥ ሊረጋገጥ የሚችለው «አዳማ» እና «ህትመት» ብቻ ነው። «ለበርካታ ዓመታት»፣ «ጥራት ያለው»፣ «ተመጣጣኝ ዋጋ» የሚሉትን ተፎካካሪያችሁም ይጽፋቸዋል። በዚህ ተኩት፦ «አዳማ ውስጥ የራሳችን ማሽን ያለን ማተሚያ ቤት ነን።» 8 ቃል። 81 ቀረ። ማሽኑ የራሳችሁ መሆኑ ለእሷ ትርጉም አለው። ሥራ ተቀብሎ ሌላ ቦታ የሚያሳትም ሰው ማታ ስልክ ሲደወልለት ምን እንደሚል ታውቃለች።

5. ከጥያቄዎቹ አንዱን ብቻ አስቀሩ።
የመጨረሻው አንቀጽ 43 ቃል ሲሆን ሦስት ጥያቄ አለው፦ ቀጠሮ፣ የአቅራቢዎች ዝርዝር፣ ጨረታ። ሦስቱም ከባድ ናቸው። ቀጠሮ ለመስጠት ጊዜ ያስፈልጋል፣ ዝርዝር ውስጥ ለማስገባት የግዢ ክፍል ያስፈልጋል፣ ጨረታው ደግሞ በእሷ እጅ ላይሆን ይችላል። እሷ ብቻዋን፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ በአንድ መስመር የምትመልሰውን ጠይቁ።

«የሚቀጥለው ስልጠናችሁ አዳማ ላይ ከሆነ፣ ቀኑንና የሰልጣኞቹን ብዛት ቢነግሩኝ ፕሮፎርማ በዚያው ቀን እልካለሁ። አመሰግናለሁ።»

14 ቃል። አሁን 52 ላይ ደረስን። ስለ አባሪው የሚናገረው ዓረፍተ ነገርም አብሮ ወጥቷል፣ አባሪውም ራሱ ይውጣ። የማያውቁት ሰው የላከውን ፋይል ለመክፈት ብዙ ሰው ይፈራል፣ መፍራቱም ልክ ነው። ከባድ ፒዲኤፍ በሞባይል ዳታ ማውረድም ገንዘብ ነው። የንግድ ፈቃዱም ቢሆን ስትጠየቁ የሚላክ እንጂ ለማያውቋችሁ ሰው የሚበተን ወረቀት አይደለም።

## ደረጃ 4፦ አሁን ቃል አሳጥሩ

የቀሩትን ዓረፍተ ነገሮች ጮክ ብላችሁ አንብቡ። አማርኛ ኢሜይል የሚያብጠው ከደብዳቤ በወረስናቸው ሁለት ልማዶች ነው።

አንደኛው ግሱን ሰነጣጥቆ ማስረዘም ነው። «የማድረስ አገልግሎት እንሰጣለን» ማለት «እናደርሳለን» ወይም «እናመጣለን» ማለት ነው። «ለማወቅ ችለናል» ማለት «አይተናል» ነው። «በመስጠት ላይ እንገኛለን» ማለት «እንሰጣለን»። ስሙን ወደ ግስ ስትመልሱት ሁለት ሦስት ቃል ይወጣል፣ ትርጉሙ ግን አይነካም።

ሁለተኛው ማያያዣ ነው፦ በመሆኑም፣ ስለሆነም፣ ከዚህ ጋር በተያያዘ፣ እንደሚታወቀው። ረጅም ደብዳቤ ውስጥ አንባቢውን ይመራሉ። አምስት ዓረፍተ ነገር ባለው ኢሜይል ውስጥ የሚመሩት ነገር የለም፣ አውጧቸው።

የባጁ ዓረፍተ ነገር 18 ቃል ነበር። ሲስተካከል እንዲህ ይሆናል፦ «በዋዜማው የሰልጣኝ ስም ሲጨመር ወይም ሲቀየር፣ ባጅና ሰርተፍኬት እዚሁ አትመን ሆቴሉ ድረስ እናመጣለን።» 13 ቃል ነው። ጠቅላላው 47 ሆነ።

## ደረጃ 5፦ የጎደለውን መልሱ

ይኼን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። 47 ላይ ሲደርስ ደስ ይለውና ይልካል። አቁሙ። የደረጃ 1ን ወረቀት አውጡና አራቱም መልሶች መኖራቸውን እዩ።

«በፍጥነት» የሚለው ወጥቷል፣ መውጣቱ ጥሩ ነው። ግን በቦታው ምንም አልተተካም። ፍጥነት የሚታመነው ሰዓት ሲኖረው ነው። ስለዚህ እንዲህ የሚል ጨምሩ፦ «ማታ እስከ 2 ሰዓት ስሙን ከላካችሁልን፣ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሆቴሉ ይደርሳል።» 13 ቃል ይጨምራል፣ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ዓረፍተ ነገር እሱ ነው። በእርግጥ የምታደርሱበትን ሰዓት ብቻ ጻፉ። የማትችሉትን ሰዓት ጽፋችሁ ሥራውን ካገኛችሁ የመጀመሪያው ሥራ የመጨረሻ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስልጠናው አዳማ እንደሚካሄድ ከየት እንዳወቃችሁ ተናገሩ። «የፌስቡክ ገጻችሁ ላይ» የሚለው ቃል ብቻ ይበቃል፤ «ይህን ማን ነገራቸው?» የሚለውን ጥርጣሬ ያጠፋል።

ሦስተኛ፣ ደረሰኙ። ለድርጅት ለሚገዛ ሰው «የቫት ደረሰኝ እንቆርጣለን» የሚለው ሦስት ቃል ስለ ጥራት ከሚጻፍ አንቀጽ ይበልጥበታል፤ ያለ ደረሰኝ ሒሳብ ማወራረድ አትችልምና። የቫት ተመዝጋቢ ካልሆናችሁ የምትሰጡትን የደረሰኝ ዓይነት በትክክል ጻፉ።

የመጨረሻው ኢሜይል ይኼ ነው፦

> ሰብጀክት፦ አዳማ ላይ ለሚደረግ ስልጠና ባጅና ሰርተፍኬት
>
> ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት፣
>
> ስልጠናዎቻችሁን ብዙ ጊዜ አዳማ ሆቴሎች ውስጥ እንደምታካሂዱ የፌስቡክ ገጻችሁ ላይ አይቻለሁ።
>
> በዋዜማው የሰልጣኝ ስም ሲጨመር ወይም ሲቀየር፣ ባጅና ሰርተፍኬት እዚሁ አትመን ሆቴሉ ድረስ እናመጣለን። ማታ እስከ 2 ሰዓት ስሙን ከላካችሁልን፣ በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሆቴሉ ይደርሳል።
>
> አዳማ ውስጥ የራሳችን ማሽን ያለን ማተሚያ ቤት ነን፤ የቫት ደረሰኝ እንቆርጣለን።
>
> የሚቀጥለው ስልጠናችሁ አዳማ ላይ ከሆነ፣ ቀኑንና የሰልጣኞቹን ብዛት ቢነግሩኝ ፕሮፎርማ በዚያው ቀን እልካለሁ።
>
> አመሰግናለሁ።
>
> (ሙሉ ስም፣ የማተሚያ ቤቱ ስም፣ ስልክ)

66 ቃል። ቅደም ተከተሉም እንደተቀየረ ልብ በሉ። «እኛ ማን ነን» መጀመሪያ የነበረው አሁን አራተኛ ቦታ ላይ ነው፣ ከፊቱ የመጣው የእሷ ጉዳይ ነው።

## ደረጃ 6፦ ሰብጀክቱና የስልክ ሙከራው

ሰብጀክቱ ከ6 ቃል አይብለጥ። ስልክ ረጅሙን ሰብጀክት መሃል ላይ ይቆርጠዋል፣ ስለዚህ ዋናው ቃል ከፊት ይሁን። «የትብብር ጥያቄ» ምንም አይናገርም። «አዳማ»፣ «ስልጠና»፣ «ባጅ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ያየ አስተባባሪ ግን የራሱ ሥራ መሆኑን ያውቃል።

ከዚያ ወደ ራሳችሁ ላኩትና በስልክ ክፈቱት። ሦስት ነገር እዩ። ሳትከፍቱት ከሰብጀክቱ ሥር ምን ይነበባል? ጥያቄው ላይ ለመድረስ ስንት ጊዜ ወደታች መጎተት ያስፈልጋል? አንድ አንቀጽ ከአራት መስመር ይበልጣል? ከበለጠ ለሁለት ክፈሉት። ፊርማው ውስጥ ትልቅ ሎጎ ካለ አውጡት፤ ጽሑፉን በሙሉ ያሳጠራችሁት ለሥዕል ቦታ ለመስጠት አይደለም።

## ሲቆረጥ የሚበላሹ ነገሮች

ሁሉንም አድርጌ አሁንም ከ80 በላይ ነው። ሁለት ነገር እየሸጣችሁ ነው ማለት ነው። የባጁን ሥራና የባነሩን ሥራ ለያዩ፣ አንዱን ምረጡ። አንዳንዴም ለሁለት ሰው የሚጻፈውን በአንድ ኢሜይል ጽፋችሁ ይሆናል፣ ለአስተባባሪዋ የሚሆነውንና ለግዢ ክፍሉ የሚሆነውን። ሁለት የተለያየ ኢሜይል ነው።

ከ40 በታች ወረደ። ይኼም ችግር ነው። «የህትመት ሥራ ካላችሁ ደውሉልን» የሚል ኢሜይል አጭር ነው፣ ግን አጭበርባሪም ይጽፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ የጠፋው የመጀመሪያው ወይም የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ነው፦ ለምን ለእሷ፣ ለምን ትመነኝ።

ደረቀ፣ ክብር አጣ። ይህን ብለው ሰላምታውን በሙሉ የሚመልሱ አሉ። አትመልሱት። አማርኛ ውስጥ ክብር ያለው ግሱ ላይ ነው። «ንገሪኝ» ያለው «ቢነግሩኝ» ሲሆን አንድ ቃል አልተጨመረም፣ ድምፁ ግን ተለወጠ። የ«እርስዎ»ን አነጋገር፣ «ወ/ሮ» ወይም «አቶ»ን፣ «ጤና ይስጥልኝ»ን እና «አመሰግናለሁ»ን በፍጹም አትቁረጡ። ማዕረግ ካላቸው (ዶ/ር፣ ኢንጂነር) እሱም ይቀመጥ። ማግባቷን ሳታውቁ «ወ/ሮ» ወይም «ወ/ሪት» ብላችሁ አትገምቱ፤ ሙሉ ስሟን በአክብሮት ግስ ጻፉ።

አለቃዬ «ይኼ ደብዳቤ አይመስልም» አለ። እውነቱን ነው፣ ደብዳቤ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነና ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያለበት ደብዳቤ የሚጠይቅ ከሆነ ይኼ ልክ አይሠራም። ደብዳቤውን በሥርዓቱ ጻፉ፣ መዝገብ ቤት አስገቡ። ኢሜይሉ ያኔ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፣ ደብዳቤው መግባቱንና ስለ ምን እንደሆነ የሚናገር። ሁለቱን አዳቅሎ የደብዳቤ አካል ያለው ኢሜይል መላክ ነው የማይሆነው።

## ከተላከ በኋላ

«ፕሮፋይል ላኩልን» የሚል መልስ ከመጣ፦ ያስቀመጣችሁት ኮፒ የሚወጣው አሁን ነው። የአገልግሎት ዝርዝሩ፣ የድርጅቱ ታሪክ፣ ናሙናው፣ የንግድ ፈቃዱ አሁን ተጠይቀዋል፣ ስለዚህ ይላኩ። ፋይሉን ግን አቅልሉት።

«ዋጋችሁ ስንት ነው?» ብቻ ብላ ከመለሰች፦ ጥሩ ምልክት ነው። ወዲያው ሙሉ የዋጋ ዝርዝር አትዘርግፉ። ለ30 እና ለ60 ሰልጣኝ የሚሆነውን ዋጋ ሰጥታችሁ ብዛቱን መልሳችሁ ጠይቁ።

«ማን ናችሁ?» የሚል ከመጣ፦ የማንነት መስመሩን አብዝታችሁ ቆርጣችኋል ወይም ፊርማው ጎድሏል። መልሱላት፣ ለቀጣዩ ሰው ከመላካችሁ በፊትም ረቂቁን አስተካክሉ።

ዝም ካለች፦ አምስት የሥራ ቀን ጠብቁ። ከዚያ አዲስ ኢሜይል ሳትጀምሩ በዚያው ላይ `Reply` ብላችሁ ጻፉ፣ የድሮው ከሥሩ እንዲታይ። የመጀመሪያውን ሐሳብ በሌላ ቃል አትድገሙት፣ ከ25 ቃልም አይብለጥ፦

> ጤና ይስጥልኝ ወ/ሮ እገሊት፣ ባለፈው ሳምንት ስለ ባጅና ሰርተፍኬት ጽፌልዎት ነበር። ይህ ሥራ ሌላ ሰው የሚመለከተው ከሆነ ማንን ማነጋገር እንዳለብኝ ቢጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

ይኼኛው የሚሠራው የጥያቄው ክብደት ስለቀነሰ ነው፤ ስም መጠቆም ቀን ከመፈለግ ይቀላል። ብዙ ጊዜም እውነተኛው ምክንያት ይኸው ነው፣ ኢሜይሉ የደረሰው ለማይመለከተው ሰው ነው። በሁለተኛውም መልስ ካልመጣ ሦስተኛ አትላኩ። የቢሮውን ስልክ ደውላችሁ የአዳማውን ስልጠና ማን እንደሚያስተባብር ጠይቁና ለዚያ ሰው የመጀመሪያውን 66 ቃል በስሙ አስተካክላችሁ ላኩ።